ያው ወባ በልጅና በአዋቂ፦ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው ሕመምተኛ ምን ሆኗል?

(ለነርሶች፣ ለጤና መኮንኖችና ለሕክምና ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ከባድ የፋልሲፓረም ወባ ሁሉንም ለመናገር አልመጣሁም፤ ጊዜውም አይበቃም። የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነው። ያው ጥገኛ ተውሳክ የሦስት ዓመት ልጅ ሲይዝና የአርባ ዓመት ሰው ሲይዝ ለምን ሁለት የተለያየ በሽታ ይመስላል? ይህን ጥያቄ በአንድ ምልክት በኩል እከተለዋለሁ፤ በአተነፋፈስ። ሁለቱም ሕመምተኞች አልጋ ላይ ሆነው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ነው፤ አንዱን የሚያድነው እርምጃ ሌላውን ሊገድለው ይችላል።

በመጀመሪያ ልዩነቱ በርግጥ የዕድሜ መሆኑን እናረጋግጥ። ለብዙ ዓመታት ስለ ልጆች የምናውቀው በአመዛኙ ከአፍሪካ፣ ስለ አዋቂዎች የምናውቀው ደግሞ ከእስያ ነበር። ስለዚህ «ልዩነቱ የአገር ነው፣ የመድኃኒት ነው፣ ሰዎቹ በወባ ደጋግመው ተይዘው ያገኙት የመከላከል አቅም ነው» ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። በ2005 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኢንዶኔዥያና በምያንማር አርቴሱኔትን ከኩዊኒን ጋር አወዳድሮ ነበር። ከዚያ ጥናት የ1050 ታካሚዎች መረጃ በ2008 በዕድሜ ተከፋፍሎ ታየ። ሆስፒታሎቹ ያው፣ የሐኪሞቹ አሠራር ያው፣ አካባቢውም ያው ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የደም ማነስና መንፈራገጥ እየቀነሱ፣ የዓይን ቢጫነትና የኩላሊት ጉዳት እየበዙ ሄዱ። ከ10 ዓመት በታች ከሆኑት የሞቱት 6.1 በመቶ ሲሆኑ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑት 36.5 በመቶ ሞተዋል። ሁለት ነገሮች ግን ከዕድሜ ጋር አልተለወጡም፤ ኮማና የደም አሲድነት። ሞትን ከሁሉ በላይ የሚያመለክቱትም እነዚሁ ሁለቱ ሆነው ተገኙ። ይህን ያዙልኝ፤ የንግግሬ ሁሉ መሠረት እዚህ ላይ ነው። ሥሩ አንድ ነው፣ ቅርንጫፎቹ በዕድሜ ይለያያሉ።

ሥሩ ምንድን ነው? ፋልሲፓረም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ዕድገቱን ለመጨረስ 48 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። በመጀመሪያው አጋማሽ የተያዘው ሕዋስ ከደሙ ጋር ይዞራል፣ በማይክሮስኮፕ የምናየውም እሱን ነው። በሁለተኛው አጋማሽ የሕዋሱ ገጽ ተጣባቂ ይሆንና በጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በአንጎል፣ በአንጀት፣ በኩላሊት፣ በሳንባ ውስጥ ደም የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥጋ ኦክስጅን ያጣል፤ ኦክስጅን ሲያጣ ስኳርን ያለ ኦክስጅን እያቃጠለ ላክቲክ አሲድ ያመርታል። ከጣት የወሰድነው ደም የሚያሳየን እየዞሩ ያሉትን ብቻ እንጂ የተለጠፉትን አይደለም። በዚህ ምክንያት ስላይዱ ላይ ጥቂት ተውሳክ ታይቶ ሕመምተኛው በጠና ሊታመም ይችላል። «ተውሳኩ ትንሽ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ማንንም ሊያረጋጋ አይገባም።

አሁን ልጅቷን እንይ። ለማስተማሪያ ያቀናበርኳት ታካሚ ናት፤ ቁጥሮቹ ግን በየክፍሉ የሚታዩ ዓይነት ናቸው። ሦስት ዓመቷ ነው፣ ክብደቷ 12 ኪሎ። ትናንት ጠዋት ትጫወት ነበር። ከሰዓት በኋላ አተኮሳት፣ ማታ አስመለሳት፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ አንፈራገጣት። ንጋት ላይ እናቷ ታቅፋት ደረሰች። ከጨዋታ ወደ ኮማ አንድ ቀን እንኳ አልሞላም። በልጆች ዘንድ ይህ የተለመደ ፍጥነት ነው፤ ከትኩሳቱ እስከ ከባድ ሕመም አንድ ሁለት ቀን ይበቃል። ስለዚህ እናት «ትናንት ደህና ነበረች» ስትል ማመን አለብን።

ንቃቷን በብላንታየር መለኪያ እንለካ። ይህ መለኪያ መናገር ለማይችሉ ሕፃናት ተብሎ በማላዊ የተዘጋጀ ነው፤ ከፍተኛው ነጥብ 5 ሲሆን 2 ወይም ከዚያ በታች ኮማ ነው። እናቷ ፊት ለፊቷ ሆና ወዲያና ወዲህ ስትል የልጅቷ ዓይን አይከተልም፤ ዜሮ። ጥፍሯን በእርሳስ ስንጫናት እጇን ትሰበስባለች፣ ደረቷን ስንጫናት ግን እጇን ወደሚያማት ቦታ አታመጣም፤ አንድ። ታቃስታለች እንጂ እንደ ልጅ አታለቅስም፤ አንድ። ድምሩ 2 ነው። ኮማ ውስጥ ናት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የአንጎል ወባ» ብሎ ካርዱ ላይ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እለምናችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። የልጅ ኮማ ከሦስት ምንጭ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱን በደቂቃዎች ውስጥ ማከም ይቻላል።

የመጀመሪያው የደም ስኳር ነው። የልጅቷን ስንለካ 32 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ፤ ከ40 በታች የከባድ ወባ መለያ ነው። ልጆች መድኃኒት ሳይጀምሩ ገና ሲመጡ ስኳራቸው ወርዶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው። ጉበታቸው ያጠራቀመው ስኳር ትንሽ ነው፣ ሲያስመልሳቸው ቆይተዋል፣ ትኩሳቱና የታፈነው ሥጋ ስኳር በብዛት ይፈጃሉ። በሰውነታቸው ያለው ኢንሱሊንም እንደሚጠበቀው ዝቅተኛ ነው። አዋቂዎች ላይ የሚታየው የስኳር መውረድ ብዙ ጊዜ ሌላ ታሪክ አለው፤ ኩዊኒን ቆሽትን ቀስቅሶ ኢንሱሊን ስለሚያስለቅቅ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ይመጣል። ነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል? የልጁን ስኳር ገና በር ላይ እንለካለን፤ ኩዊኒን የሚወስደውን አዋቂ ግን ነቅቶ በነበረበት ቀን እንኳ ደጋግመን እንለካዋለን።

ለልጅቷ 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊሊትር፣ ማለትም 60 ሚሊሊትር፣ በደም ሥር ቀስ ብሎ ተሰጣት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳሯ 96 ደረሰ። ነጥቧ ግን ያው 2 ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የማይታይ መንፈራገጥ ነው። እጅና እግር ሲንፈራገጥ ሁላችንም እናያለን። በአንጎል ወባ ውስጥ ያለ ልጅ ግን አንዳንዴ መላ አካሉ ጸጥ ብሎ የዓይኑ ሽፋሽፍት ብቻ ይርገበገባል፣ ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ጎንበስ ብለን ፊቷን ካላየን ያመልጠናል። የእኛዋ ልጅ የግራ ዓይኗ ሽፋሽፍትና የከንፈሯ ጠርዝ በእኩል ምት ይርገበገቡ ነበር። ዲያዜፓም በኪሎ 0.3 ሚሊግራም፣ ማለትም 3.6 ሚሊግራም፣ ትንፋሿ እየታየ ቀስ ተብሎ ተሰጣት፤ መርገብገቡ ቆመ። ዲያዜፓም ራሱ ትንፋሽን ሊያቆም ስለሚችል አምቡ ባግ አጠገብ ሳይኖር መርፌው መነሳት የለበትም። የአንጎል ወባ ከያዛቸው ልጆች ከአስር ስምንቱ በሚሆኑት ላይ መንፈራገጥ ይታያል። አዋቂዎች ላይ ግን በጣም ያነሰ ነው፤ ከታየም ስኳሩንና አንጎሉን በጥብቅ እንድንመረምር የሚያስገድድ ምልክት ነው።

መንፈራገጡ ከቆመና ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ይመረጣል አንድ ሰዓት፣ ተጠብቆ ኮማው ካልለቀቀ የአንጎል ወባ ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ልጁ ወባ በበዛበት አካባቢ ከመጣ ደሙ ውስጥ ተውሳክ መገኘቱ ብቻውን አያሳምንም። በማላዊ በ2004 በወጣ ጥናት በሕይወት እያሉ የአንጎል ወባ ተብለው ከሞቱ 31 ልጆች አስከሬን ሲመረመር 7ቱ የሞቱት በሌላ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። እነሱን ከሌሎቹ ከለየው ምልክት ዋነኛው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ የሬቲና፣ ለውጥ ነበር፤ ሬቲናው መንጣቱ፣ የደም ሥሮቹ ቀለም መለወጡና መሐላቸው ነጭ የሆነ የደም ነጥቦች መታየታቸው። ዓይን ማያ መሣሪያ ባለበት ቦታ ሁሉ ይህ ምርመራ ቢለመድ ደስ ይለኛል፤ ማጅራት ገትርና መርዝ በወባ ስም ተሸፍነው እንዳያልፉ ይረዳል።

ሦስተኛው ምንጭ ራሱ አንጎሉ ነው፤ እዚህ ላይ የዕድሜ ልዩነት በጣም ጉልህ ነው። በልጆች ላይ ከአከርካሪ የሚወሰደው ፈሳሽ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በአዋቂዎች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ነው። በ2015 ከማላዊ የወጣ የኤምአርአይ ጥናት ከሞቱት 25 ልጆች የ21ዱ አንጎል በጣም አብጦ እንደነበር አሳየ፤ ከተረፉት መካከል ግን እንዲህ ያበጠባቸው 27 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያበጠ አንጎል ወደ ታች ሲገፋ ትንፋሽን የሚመራውን ክፍል ይጫናል፤ ልጁ ልቡ እየመታ ትንፋሹ ይቆማል። አዋቂዎች በዚህ መንገድ የሚሞቱት እምብዛም ነው። በሕንድ ሩርኬላ የተሠሩ የኤምአርአይ ጥናቶች እንዳሳዩት በሞቱ አዋቂዎች አንጎል ላይ ጎልቶ የሚታየው ከእብጠት ይልቅ ኦክስጅን የማጣት ጉዳት ነው። «አንጎሉ አብጧልና ስቴሮይድ እንስጥ» የሚለው ሐሳብም ተሞክሮ አልጠቀመም፤ በ1982 በታይላንድ በተሠራ ጥናት ዴክሳሜታሶን ኮማውን አራዘመ እንጂ አላሳጠረም።

ወደ አተነፋፈሷ እንመለስ። ልጅቷ በደቂቃ 56 ጊዜ ትተነፍሳለች። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ትኩሳትም ሳንባ ምችም ቁጥር ይጨምራሉ። ልብ በሉ፣ ትንፋሿ ጥልቅ ነው። ሆዷና ደረቷ እስከ መጨረሻ ይነሳሉ፣ የጎድን አጥንቶቿ መሐል ወደ ውስጥ ይሳባል፣ አፍንጫዋ ይከፈታል። በማዳመጫ ስንሰማ ግን ሳንባዋ ንጹሕ ነው፣ የኦክስጅን መጠኗም 97 በመቶ። ሳንባዋ ጤነኛ ሆኖ እንዲህ የምትተነፍሰው ደሟ አሲድ ስለሆነ ነው፤ ሰውነቷ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አውጥቶ አሲዱን ለመቀነስ እየታገለ ነው። ላክቴቷ 8 ሚሊሞል በሊትር ሆኖ ተገኘ፤ 5 ሲደርስ ከባድ ይባላል። በኬንያ ኪሊፊ በ1995 የወጣው ጥናት በወባ የተኙ ልጆችን ተከታትሎ የደረሰበት ነገር ይኸው ነው፤ ከሞቱት አብዛኞቹ ንቃታቸው የቀነሰ ወይም በጭንቅ የሚተነፍሱ ነበሩ። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ እነዚህ ሁለት ምልክቶች ብቻ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት ይነግሩናል።

የልጅቷ አሲድ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የተዘጉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው። ሁለተኛው ሄሞግሎቢኗ 4.4 መሆኑ ነው። የልጅ ደም ለምን እንዲህ ቶሎ ያልቃል? ተውሳኩ ያፈነዳቸው ሕዋሳት ብቻ አይደሉም የሚጠፉት፤ ያልተያዙ ሕዋሳትም ገጻቸው ተበላሽቶ በጣፊያ ይለቀማሉ፣ ቁጥራቸውም ከተያዙት ይበልጣል። መቅኒውም በሕመሙ ተጨቁኖ ምትክ አያመርትም። በዚያ ላይ ብዙ ልጅ ከሕመሙ በፊትም በተደጋጋሚ ወባና በብረት እጥረት ደሙ አንሶ የቆየ ነው። አዋቂውም ደሙ ይወርዳል፤ የሚነሳው ግን ከከፍታ ስለሆነ የደም ማነስ ብቻውን የሚገድለው አልፎ አልፎ ነው። መለያው ወሰን ራሱ ይለያያል፤ ለልጅ 5፣ ለአዋቂ 7 ግራም በዴሲሊትር።

እንግዲህ ለዚህች ልጅ ጥልቅ ትንፋሽ መድኃኒቱ ደም ነው። በኪሎ 20 ሚሊሊትር ሙሉ ደም፣ 240 ሚሊሊትር፣ በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ ተሰጣት። ደሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ትንፋሿ ከ56 ወደ 40 ወረደ፣ የደረቷ መሳብ ቆመ። ልጆች ላይ ይህን ለውጥ ማየት የተለመደ ነው፤ ኦክስጅን ተሸካሚው ሲመለስ አሲዱ ይጸዳል። በማግስቱ ዓይኗ እናቷን ተከተለ።

ደም እስኪመጣ ድረስስ? እጇ ስለቀዘቀዘ ፈሳሽ በፍጥነት ማፍሰስ ያጓጓል። በ2011 የወጣው ፊስት የተባለ ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3141 ትኩሳት ያላቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ልጆችን ተከታተለ፤ ከግማሽ በላይ ወባ ነበረባቸው። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10.5 ያህሉ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 ሞቱ። ሁሉም የጠበቀው ተቃራኒውን ነበር። የተዘጋ ቱቦ በውሃ ግፊት እንደማይከፈት ሁሉ፣ የተለጠፉት ሕዋሳት በምናፈስሰው ጨዋማ ውሃ አይታጠቡም፤ ያነሰው ደም ግን ይበልጥ ይቀጥናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የልጆች ከባድ ወባ ብዙ ጊዜ ከደም ውስጥ የባክቴሪያ ብክለት ጋር ይመጣል፤ በተለይ ከባድ የደም ማነስ ካለ ሳልሞኔላ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ወባ በብዛት ባለበት አካባቢ ከባድ ወባ የተጠረጠረበት ልጅ ሁሉ አርቴሱኔትና ሰፊ ሽፋን ያለው አንቲባዮቲክ አብሮ እንዲያገኝ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። አዋቂዎች ላይ ይህ ጥምረት ያነሰ ስለሆነ ለሁሉም አይሰጥም።

አሁን ወደ አዋቂው። 38 ዓመቱ ነው፣ 60 ኪሎ። ካተኮሰው ሰባተኛ ቀኑ ነው። መጀመሪያ ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ነበረው፣ ማስታገሻ እየዋጠ ሥራ ላይ ቆየ። በአምስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ጠቆረና አነሰ። «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቤት ተኛ። በሰባተኛው ቀን መቀባጠር ሲጀምር አመጡት። አላንፈራገጠውም፣ ስኳሩ ደህና ነው፣ ሄሞግሎቢኑ 9.8 ነው። ቢሊሩቢኑ 8፣ ክሪያቲኒኑ 4.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር። በግላስጎው መለኪያ 10 ነው፤ ለአዋቂ ከ11 በታች ከባድ ነው። ትንፋሹ በደቂቃ 24፣ ሳንባው ንጹሕ።

ከልጅቷ ጋር አስተያዩት። እሷ በአንድ ቀን፣ እሱ በሰባት ቀን። የእሷ ሕመም በአንጎልና በደም ላይ አረፈ፤ የእሱ በጉበትና በኩላሊት ላይ። የሰውየው ዓይን ቢጫ የሆነው ቀይ ሕዋሳት በመፈንዳታቸውና የጉበት ሕዋሳት ሥራ በመዳከሙ ነው፤ ይህ ግን እውነተኛ የጉበት መክሸፍ አይደለም። «ጉበቱ ከሽፎ ነው የሚቀባጥረው» ማለት ያሳስታል፤ የሚቀባጥረው በወባው፣ በአሲዱና በተጠራቀመው ቆሻሻ ነው። ቢጫነት ብቻውን አያስፈራም። ከኩላሊትና ከንቃት ችግር ጋር ሲመጣ ግን ብዙ የአካል ክፍሎች በአንድ ጊዜ እየደከሙ መሆኑን ይናገራል፤ አዋቂን የሚገድለውም ይኸው ነው።

የኩላሊቱ ጉዳት ደም ባለማግኘቱና በፈነዱ ሕዋሳት ይዘት የተጎዱ የኩላሊት ቱቦዎች ውጤት ነው። ደስ የሚለው፣ ሕመምተኛው ካልሞተ ኩላሊቱ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እስኪመለስ የሚያሻግረው ዲያሊሲስ ነው፤ ሽንቱ የቀነሰና ክሪያቲኒኑ የሚጨምር አዋቂ ዲያሊሲስ ወዳለበት ቦታ በጊዜ መላክ ያለበት ለዚህ ነው። መጻሕፍት «ልጆች ላይ ኩላሊት አይጎዳም» ሲሉ ኖረዋል። ይህ አባባል መሻሻል አለበት ብዬ አምናለሁ። የቅርብ ዓመታት ጥናቶች ክሪያቲኒን በትክክል ተለክቶ ለልጅ በተገባው ወሰን ሲመዘን ጉዳቱ ልጆችም ላይ ብዙ እንደሆነና ከሞት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ዲያሊሲስ የሚያስፈልገው ደረጃ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው በአዋቂዎች ላይ ነው።

ሰውየው አርቴሱኔት ተጀመረለት። ምላሱ ደረቅ ነው፣ ሽንቱ ትንሽ ነው፣ ክሪያቲኒኑ ከፍ ብሏል። ማንኛችንም ብንሆን «ውሃ አንሶታል» እንላለን። በ24 ሰዓት ውስጥ አራት ሊትር ፈሳሽ ገባለት። በሦስተኛው ቀን ስላይዱ ላይ ተውሳክ ጠፍቷል ለማለት ይቻል ነበር፣ ንቃቱም ተሻሽሏል። ዘመዶቹ ዳነ ብለው ነበር። ማታ ላይ ትንፋሹ 38 ደረሰ፣ ኦክስጅኑ 84 በመቶ ወረደ፣ ሳንባው ከታች እስከ መሐል ይንቦጫረቃል። ሳንባው ውሃ ቋጥሯል።

ይህ ትንፋሽ የልጅቷ ትንፋሽ አይደለም። የእሷ ገና ስትመጣ ነበር፣ የእሱ ሕክምናው ከተጀመረ ከቀናት በኋላ፣ ተውሳኩ ሲጠፋ መጣ። የእሷ ሳንባ ንጹሕ፣ የእሱ በውሃ የተሞላ። የእሷ ኦክስጅን ደህና፣ የእሱ የወረደ። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ማዳመጫ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያና ስንተኛ ቀን እንደሆነ ማስታወስ ብቻ ነው። በአዋቂዎች ከባድ ወባ የሳንባ ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ያፈስሳል፤ በዚያ ላይ ኩላሊቱ ሽንት የማያወጣ ሰው የተሰጠው ሊትር ሁሉ መሄጃ የለውም። ፈሳሽ ባይበዛም ሊመጣ ይችላል፣ ሲበዛ ግን መንገዱን እናሳጥርለታለን። በእስያ አዋቂዎች ላይ የልብና የደም ግፊትን ከውስጥ በመለካት የተሠሩ ጥናቶች ብዙ ፈሳሽ መስጠት አሲዱንም ኩላሊቱንም እንዳላሻሻለ፣ ሳንባን ግን እንዳጥለቀለቀ አሳይተዋል። የደረቀ ምላስና የቆዳ መጨማደድ የደም ሥር ውስጥ ያለውን መጠን በትክክል አይናገሩም።

ሰውየው ቀና ተደርጎ እንዲቀመጥ ሆነ፣ ኦክስጅን ተሰጠው፣ ፈሳሹ ቆመ፤ ሽንት ስላልነበረው ፉሮሲማይድ አልረዳውም፣ ፈሳሹን ያወጣለት ዲያሊሲስ ነው። መተንፈሻ ማሽን በሌለበት ቦታ ወደዚህ ደረጃ የደረሰ አብዛኛው ሕመምተኛ ይሞታል። ስለዚህ ኩላሊቱ የተጎዳ አዋቂ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ የገባለትና የወጣው ፈሳሽ በወረቀት መመዝገብ፣ ትንፋሹና ኦክስጅኑ በየጊዜው መለካት አለባቸው። ከ30 በላይ የሆነ ትንፋሽ ወይም ከ92 በታች የወረደ ኦክስጅን ሲታይ ፈሳሹን አቁሞ ሳንባውን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ለሁለቱም አርቴሱኔት ነው፤ መጠኑ ግን አንድ አይደለም። ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ 2.4 ሚሊግራም ነው፤ ምክንያቱም በእኩል የኪሎ መጠን ትንንሽ ልጆች ደማቸው ውስጥ የሚያገኙት መድኃኒት ያንሳል። ለልጅቷ 36፣ ለሰውየው 144 ሚሊግራም፣ ሲገቡ፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት፣ ከዚያ መዋጥ እስኪችሉ በየቀኑ። መዋጥ ሲችሉም ሙሉ የሦስት ቀን የአርቴሚሲኒን ጥምር መድኃኒት ይከተላል። በእስያ በ1461 ታካሚዎች፣ አብዛኞቹ አዋቂዎች፣ አርቴሱኔት ሞትን ከ22 ወደ 15 በመቶ አወረደ። በአፍሪካ በ5425 ልጆች ደግሞ ከ10.9 ወደ 8.5 በመቶ። መድኃኒቱ ለሁለቱም ይሠራል። ከሱ በኋላ የሚቀረው ሞት ግን የየዕድሜው አካል ችግር ስለሆነ በመድኃኒት ብቻ አይፈታም።

ከሆስፒታል ሲወጡም መንገዳቸው ይለያያል። ሰውየው ኩላሊቱ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ አንጎሉ ደህና ሆኖ ይወጣል፤ አዋቂዎች ላይ ቋሚ የነርቭ ጉዳት ጥቂት ነው። የአንጎል ወባ የያዛት ልጅ ግን ነቅታ ስትስቅም ጉዳት ሊቀርባት ይችላል፤ የአንድ ጎን ድካም፣ የማየት ወይም የመናገር ችግር፣ ከወራት በኋላ የሚመጣ የሚጥል በሽታ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ የሚታይ የማስታወስና የትኩረት ድካም። አንዳንዱ የዓይን ችግር በወራት ውስጥ ይለቃል፤ ንግግርና ባሕርይ ግን በቀጠሮ ካልተፈተሹ አይታወቁም። በከባድ የደም ማነስ የተኛ ልጅ ከወጣ በኋላ ባሉት ስድስት ወራትም ተመልሶ የመታመምና የመሞት አደጋው ከፍተኛ ስለሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ወባ በበዛበት አካባቢ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲወጡ የመከላከያ መድኃኒት እንዲያገኙ መክሯል። አርቴሱኔት የወሰደ ሁሉ ደግሞ፣ ልጅም አዋቂም፣ ከሳምንት በኋላ የሚጀምር የቀይ ሕዋሳት መፈንዳት ሊያጋጥመው ስለሚችል በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ሄሞግሎቢኑ ቢታይ መልካም ነው። ለእናትየዋ የምንነግራት በቀላል ቋንቋ ነው፤ ልጅሽ ከገረጣች፣ ከደከማት፣ ሽንቷ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳትጠብቂ አምጫት።